ከመስከረም እስከ ነሐሴ የሚቆጠር ብረት

ስለ እግር ጉዞ የጻፍኩትን ያነበቡ አንዳንድ እናቶችና አባቶች «እኛስ ብረት ብናነሳ ነውር ነው ወይስ አደጋ?» ብለው ጠይቀውኛል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ መልሱን በደረቁ መዘርዘር አያቅተኝም። ግን ከታላቅ እህቴ ጋር ያሳለፍኳቸውን ስምንት ሳምንታት ባወራችሁ የተሻለ ይገባችኋል ብዬ አሰብኩ።

እህቴን «እታለም» ነው የምላት። 66 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ውስጥ ነው። ልጇ ሥራ ስትውል የሁለት ዓመቱን የልጅ ልጇን የምትይዘው እሷ ናት። ለመስቀል ልጠይቃት ሄጄ ቡና ተፈልቶ ሳለ ከበርጩማዋ ልትነሳ ስትል አየኋት። በመጀመሪያው ሙከራ ተመልሳ ቁጭ አለች። በሁለተኛው አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርጋ ተነሳች። ማንም ምንም አላለም። ማታ ግን ልጇ ወደ ውጭ ጠርታኝ «ጋሼ፣ እማዬ ልጁን ከመሬት ማንሳት እያቃታት ነው። ሞግዚት ልፈልግ ነው» አለችኝ። እታለም ይህን ሰምታ ነበር። ጠዋት ሳገኛት «ልጁን ሊወስዱብኝ ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አንድ ነገር ግራ አጋብቷት ነበር። በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፤ ገበያም በእግሯ ትሄዳለች። «እግሬማ ይሄዳል፣ ለምን መነሳት አቃተው?» ትላለች። ምክንያቱ ይህ ነው። በሜዳ ላይ ስንራመድ የጭናችንና የመቀመጫችን ጡንቻ የሚያወጣው ጉልበት ትንሽ ነው። ከዝቅተኛ ቦታ ስንነሳ ግን ገላችንን በሙሉ ከታች ወደ ላይ መግፋት አለበት። ጡንቻ የሚጠብቀው የሚጠየቀውን ያህል ጉልበት ብቻ ነው። እታለም ድሮ እንስራ ተሸክማ ዳገት ትወጣ ነበር። ውሃው ደጇ ከደረሰና እህሉም ወፍጮ ቤት መሄድ ከጀመረ ወዲህ ያንን ጉልበት የሚጠይቃት አልነበረም። ዕድሜውም በበኩሉ ጡንቻን ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በርጩማው ከባድ ሆነ።

«ታዲያ በዚህ ዕድሜ ይመለሳል?» ለሚል በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የቦስተን ጥናት አለ። በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ያሉ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን የእግር ጡንቻቸውን በክብደት አሠሩ። አንዱ ሳይጨርስ ቀረ። የጨረሱት ዘጠኙ ግን የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። እታለም ከእነሱ አንፃር ጎረምሳ ናት።

እኔ ከባሕር ዳር ሁለት ጥንድ ዳምቤል አመጣሁላት፤ አንዱ ጥንድ ባለ 3 ኪሎ፣ ሌላው ባለ 5 ኪሎ። ለጀማሪ ይህ ይበቃል። የሰፈር ወጣቶች በጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ዘንግ የሚያገናኙትን አይታችሁ ይሆናል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ክብደቱን ሳታውቁ አትጀምሩ። አንድ ሊትር የደረቀ ኮንክሪት ወደ 2.4 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በሁለት ጫፍ አንድ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ካለው ከዘንጉ ጋር 5 ኪሎን ያልፋል። አንዱ ጫፍ ከሌላው ከከበደ ደግሞ የእጅ አንጓን ያጣምማል። መሥሪያችሁ በፊት ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ቀኖቹን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አደረግናቸው። ብዙ መጻሕፍት ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ይላሉ፤ እታለም ግን ረቡዕና ዓርብ ጿሚ ናት። ባዶ ሆድን ከብረት ጋር ማጋጠም አልፈለግሁም። ዋናው ነገር በመካከል አንድ ቀን ማረፍ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ብረቱን ባነሳበት ሰዓት ሳይሆን ካነሳ በኋላ ባረፈበት ጊዜ ነው።

ከመጀመራችን በፊት የነበረችበትን ለካሁ። ተራ ወንበር ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩ። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ብድግ ቁጭ እንደምትል ቆጠርኩ። ሰባት ሆነ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11 በታች ሲሆን የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል። ይህን ፈተና እናንተም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ከጎን የሚይዛችሁ ሰው ግን ይኑር።

አሁን ስለ ሁለቱ ቃላት ልንገራችሁ። ድግግሞሽ ማለት አንድን እንቅስቃሴ አንድ ጊዜ ጀምሮ መጨረስ ነው፤ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ መነሳት አንድ ድግግሞሽ ነው። ሳያርፉ የሚሠሩ ድግግሞሾች ስብስብ ደግሞ ጂም ያሉት ልጆች «ሴት» ይሉታል። «ሦስት ሴት ሠራሁ» ሲሉ እታለም ብትሰማ ምን እንደምትል ስለማውቅ እኔ «ዙር» እለዋለሁ። ስለዚህ «ሦስት ዙር በአሥር» ማለት አሥር ጊዜ ሠርቶ ሁለት ደቂቃ ያህል አርፎ፣ እንደገና አሥር፣ እንደገና አርፎ አሥር ማለት ነው።

እታለም ቁጥሩን ጮክ ብላ እንድትቆጥር ነገርኳት። ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ። እሷ ግን አንድ ሁለት ማለቱ ሰለቻትና በወሮች መቁጠር ጀመረች። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት እያለች ትሄዳለች። ስምንት ሚያዝያ ነው፣ አሥራ ሁለት ነሐሴ ነው። እኔ ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ እፈልግ ስለነበር መመሪያው በቀላሉ «ሚያዝያ ካልደረስሽ ብረቱ ከብዶሻል፤ ነሐሴን ዘና ብለሽ ካለፍሽ ቀሎሻል» ሆነ።

የምንሠራቸው አምስት ነገሮች ናቸው። በሦስቱም ቀን ያው አምስቱ ይደገማሉ። ለጀማሪ ዛሬ እግር፣ ነገ ክንድ እያሉ መከፋፈል አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ጡንቻ በሳምንት ሦስት ጊዜ መጠየቁ ይሻላል። ልዩነቱ ሐሙስን ከሌሎቹ በአንድ ዙር ማሳነሳችን ብቻ ነው፤ የሳምንቱ መካከል ቀለል ይላል።

የመጀመሪያው ብድግ ቁጭ ነው። አንድ ዳምቤል በሁለት እጅ ደረት ላይ ይያዛል። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፤ የእግር ጣት ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል። ቀስ ብሎ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ እየወሰዱ፣ መቀመጫ ወንበሩን እስኪነካ መውረድ፤ ሳይዘፈዘፉ ተረከዝን መሬት ላይ ተጭኖ መነሳት። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጉልበት ሁልጊዜ የእግር ጣት ወደሚያይበት ይሂድ። ሁለተኛ፣ ሰውዬው መጨረሻ ላይ ዘፍ ይላል። ዘፍ ያለበት ከፍታ ጡንቻው ያቃተው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምሩበትና ከፍ አድርጉት። ሲጠነክር ትራሱ ይወጣል፤ ከዚያ ወንበሩ ዝቅ ይላል። ብረት ሳይጨመር እንኳ ዝቅ ማለት ብቻውን ሥራውን ያከብደዋል።

ሁለተኛው ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው። ልጅን ከመሬት የማንሳት ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሰጠሁት። እታለም እንደ አብዛኞቻችን ጀርባዋን አጉብጣ ነበር የምትጎነበሰው። ሸክሙን በዳሌ ጡንቻ ፋንታ በወገብ ታነሳዋለች ማለት ነው። ቃል ሳበዛ አልገባትም። መጨረሻ ላይ «ሁለት እጅሽ በዕቃ ተሞልቶ በሩን በመቀመጫሽ ገፍተሽ ስትዘጊ እንዴት ነው?» አልኳት። ወዲያው ሠራችው። መቀመጫ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፣ ጀርባ ቀጥ እንዳለ ደረት ወደ ፊት ይወርዳል። ሁለቱ ዳምቤሎች ጭንን እየታከኩ እስከ ጉልበት በታች ወርደው ይመለሳሉ። በትክክል መሥራታችሁን የምታውቁት የጭናችሁ ጀርባ ሲወጠር ነው። የሚሰማችሁ ወገባችሁ ላይ ከሆነ ጀርባችሁ ጎብጧል ወይም በጣም ወርዳችኋል።

ሦስተኛው መሳብ ነው። አንድ እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ጎንበስ ተብሎ፣ በሌላው እጅ ዳምቤሉ ከታች ወደ ጎን አጥንት ይሳባል፤ ክርኑ ገላን ታክኮ ወደ ኋላ ይሂድ። አራተኛው ወደ ላይ መግፋት ነው። ባለ 3 ኪሎው ለየእጇ ከበዳት፤ ስለዚህ አንዱን በሁለት እጇ ጫፍና ጫፉን ይዛ ከደረቷ ወደ ላይ ገፋችው። እያንዳንዱ እጅ የግማሹን ብቻ ተሸከመ ማለት ነው። ትከሻው የሚያመው ሰው መደብ ላይ በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ ቢገፋ ይሻለዋል፤ ክርኑ መደቡን ሲነካ ስለሚቆም ትከሻው ከልክ በላይ አይለጠጥም። አምስተኛው ቀላሉ ነው፤ ሁለቱን ባለ 5 ኪሎ በግራና በቀኝ አንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ግቢውን ዞሮ መምጣት። ይህን በድግግሞሽ ሳይሆን በጊዜ እንቆጥረዋለን፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በመጀመሪያው ማክሰኞ እታለም ፊቷ ስለበራ ሦስት ዙር አሠራኋት። «ይሄ ነው እንዴ!» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ከአልጋ መውረድ አቃታት። ቁጭ ስትል ትጮኻለች፣ ስትነሳ ትጮኻለች። «ምን አደረግህብኝ?» አለችኝ፤ ልጇም በክፉ ዓይን አየችኝ። አርባ ዓመት የማይጠጋ ልምድ ቢኖረኝም የጀማሪን የመጀመሪያ ቀን ስህተት ሠራሁ። ያልለመደ ጡንቻ በተለይ ቀስ ብሎ በሚወርድበት ጊዜ ይጎዳል፤ ሕመሙ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ይብሳል፤ ከዚያ በራሱ ይለቃል። ሐሙስን አስቀረን፤ ቅዳሜ በአንድ ዙር ብቻ፣ ብድግ ቁጭን ያለ ብረት ጀመርን። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ዙር፣ በሁለተኛው ሁለት፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሦስት፤ ከሁለተኛው በኋላ ሐሙስ በአንድ ይነስ።

ይህን የጡንቻ ሕመም ከጉዳት ለዩት። የጡንቻው በሁለቱም በኩል፣ በሰፊ ቦታ፣ እንደ ድካም የሚሰማ ነው፤ ስንንቀሳቀስ ይቀንሳል። በአንድ ወገን፣ መገጣጠሚያው ውስጥ፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ወይም ያበጠ ከሆነ ግን ያን እንቅስቃሴ ተዉት።

ጮክ ብሎ መቁጠሩ ለምን እንደሆነ ልመለስ። እታለም የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ሰው ከባድ ነገር ሲገፋ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፤ ያኔ የደም ግፊት ለአፍታ በጣም ይንራል። የሚናገር ሰው ግን ትንፋሹን ሊይዝ አይችልም። አንድ ቅዳሜ ወደ ላይ ስትገፋ ሐምሌ ላይ ድምፅዋ ጠፋ፣ ፊቷ ቀላ። ወዲያው አስቆምኳት። «ነሐሴ እኮ አንድ ቀርቶኝ ነበር» ብላ ተቆጣች። ድምፅ ከጠፋ ዙሩ አልቋል፤ ይህን ሕግ አድርጉት። ግፊቱ በመድኃኒት ያልተስተካከለ፣ በቅርቡ ዓይኑን ወይም ሆዱን የተቀደደ፣ ቡአ ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያናግር። ደረት ላይ መጨነቅ ወይም ዓይን መጨለም ከመጣ ብረቱ ተቀምጦ ወደ ሕክምና ይኬዳል።

እያንዳንዱ ዙር የት ላይ ይቁም? እስክትወድቁ አይደለም። «ከዚህ በኋላ በትክክል ሁለት ብቻ እጨምራለሁ» ስትሉ አቁሙ። ይህ ግምት መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፤ እታለም ሁልጊዜ አሳንሳ ትገምት ነበር። ምልክቱ ፍጥነቱ ነው። ፈጥናችሁ ልትነሱ እየሞከራችሁ ሰውነታችሁ በግድ ከዘገየ ቀርባችኋል። እንደ መጀመሪያው ቀለል ብሎ ከወጣ ገና ናችሁ።

ሁለት ሳምንት አብሬያት ቆይቼ ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ማታ ስልክ እደውልላት ነበር። መዝገባችን ወሮቹ ነበሩ። የመሳቡን ብቻ ላሳያችሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ በባለ 3 ኪሎው የመጀመሪያው ዙር ሰኔ፣ ሁለተኛው ሚያዝያ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሐምሌ፣ ሰኔ፣ ግንቦት ሆነ። በአራተኛው ቅዳሜ ሦስቱም ዙር ነሐሴ ደረሰ። ደንቡ እንደሚለው ሦስቱም ዙር 12 ሲሞላ ክብደት ይጨመራልና ወደ ባለ 5 ኪሎው ተሻገሪ አልኳት።

አልሆነም። የካቲት ላይ ቀረች፤ እሱም ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ እየሰቀለች ነው። ልጇ በስልክ ቀርፃ ስትልክልኝ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። ትልልቅ ብረት የሚያነሳ ጎረምሳ ከ30 ወደ 32 ኪሎ ሲሄድ ጭማሪው ትንሽ ነው። ከ3 ወደ 5 መሄድ ግን ከተሸከመው ሁለት ሦስተኛ ያህል መጨመር ነው። ትንንሽ ዳምቤል ያለው ሰው ዝላዩን ከመዝለሉ በፊት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ 3 ኪሎው መልሻት «ጳጉሜንን ተሻግረሽ ሁለተኛው ጥቅምት ድረስ ሂጂ» አልኳት፤ 15 ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ከዚያ ባለ 5 ኪሎውን ስታነሳ ሚያዝያ ደረሰች፤ ትከሻዋም በቦታው ነበር። በብድግ ቁጭ ግን እንዲህ አላስቸገረንም። እግር የሚሸከመው ገላን ጭምር ስለሆነ ሁለት ኪሎ መጨመሩ ያን ያህል አይታወቀውም፤ በአራተኛው ሳምንት ባለ 5 ኪሎውን ደረቷ ላይ ይዛለች፣ በስድስተኛው ወንበሩን ዝቅ አደረግነው።

በኅዳር አጋማሽ ጾመ ነቢያት ሲገባ ጉልበቷ እንዳይቀንስ ፈርቼ ነበር። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜም ጾም ሆነ። ሰዓቱን ወደ ማታ፣ ምሳዋን ከበላች ሁለት ሰዓት በኋላ አዛወርን። ሽሮውንና ምስሩን ቀጭን ከማድረግ ወፈር አድርጋ እንድትሠራው ነገርኳት፤ ጡንቻ የሚጠገነው በእሱ ነውና። በዚያ ሳምንት አልጨመረችም፤ አልቀነሰችምም።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ቁንዝላ ተመልሼ ያንኑ ወንበር ግድግዳ አስደገፍኩ። በ30 ሰከንድ 12 ሆነ። የግራ ጉልበቷ አሁንም ይንቋቋል፤ ጠዋት ጠዋት ከዝቅተኛው በርጩማ ስትነሳም እጇን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። ያ ገና ይቀረናል። ልጇ ግን ስለ ሞግዚት ማውራት ትታለች።

ቡናው ሲያልቅ ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ «አዝይኝ» አለ። እታለም እግሯን ከፈተች፣ መቀመጫዋን ወደ ኋላ ገፋች፣ ወደ ገላዋ ሳበችውና «መስከረም» ብላ አነሳችው። ልጁ ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ወንድምዓለም፣ ስትመጣ ሰባት ኪሎውን ይዘህ ና» አለችኝ።